አንዲት አመልካች፣ ሁለት ፋይል

ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በቀለም ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የመዘነውን ነገር አምና ተቀብላ አታውቅም። «ስምንት መቶ ግራም ነው» ሲሏት «እሺ፣ እስቲ ልየው» ትልና መልሳ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። ገበያ ወጥታ ሙዝ ስትገዛም ያው ናት፤ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ፊታቸው ይለዋወጣል። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በአርባ ሰባት ዓመቷ የገዛ ራሷን ጉዳይ ሳትመዝን ለማታውቀው ሰው አሳልፋ የሰጠችው። ለማመን ይከብዳል፤ ግን ሆነ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከላቦራቶሪ ወጥታ ጋውኗን ልትሰቅል ስትሄድ ሠራተኛው ሁሉ ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ተኮልኩሎ አየች። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አምስት መስመር እንኳን አይሞላም፤ ፋብሪካው በወሩ መጨረሻ ማምረት ያቆማል ይላል። ሚዛን መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ከዚያ ከታች ያለውን ማህተም አየችና ክው አለች። በእጇ የያዘችው የሙከራ ብረት ላይ ጠዋት የቀባችው ቀለም ነበር፤ መድረቁ የሚነበበው በማግስቱ ነው። «የነገውን ታዲያ ማን ያነበዋል?» አለች ጮክ ብላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው በአምስት መስመር ሲሸኝ ሌላ ምን ይጠይቃል?

ሥራ ማጣቱ ለማንም ከባድ ነው። ለእሷ ግን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ነበረው። አባቷ ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸውም ከአንድ ሁለት ቃል አያልፍም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ብቅ እያሉ ያዩላታል። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ላይ ከአልጋ ተነስተው ወንበር ላይ መቀመጥ፣ መብላትና ኪኒናቸውን መዋጥ አለባቸው። ነርሷ ሰባኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፣ ወገባቸው ደግሞ ሰው አያነሳም። ስለዚህ ሚዛን አራት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት አሥር ደቂቃ ትሮጣለች፣ አባቷን ታነሳለች፣ ታበላለች፣ ተመልሳ ትሮጣለች። አውቶብስ የሚያስፈልገው ሥራ ለእሷ ሥራ አይደለም። በእግር ደርሳ የምትመለስበት ቦታ ካላገኘች ወይ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ አባቷ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ። ሌላ መንገድ አልነበራትም።

አንድ የሥራ ባልደረባዋ የቅጥር ኤጀንሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልክ ሰጣት። ሰውዬው «ባለ ሁለት ስልኩ» ነው የሚባለው፤ በአንዱ ሲያወራ ሌላው ኪሱ ውስጥ ይጮሃል። ሚዛን ቁጭ ብላ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈችለት። በመጀመሪያው ገጽ ከተማረችበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ታሪኳን ዘረገፈችው። በሁለተኛው ስለ አባቷ፣ ስለ ስድስት ሰዓቱ፣ ስለ አሥሩ ደቂቃ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። በሦስተኛው ምስጋናና ምርቃት አዥጎደጎደችና መጨረሻው ላይ ሲቪዋን አያይዛ «ወደመሰለህ ቦታ ሁሉ ላክልኝ፣ ወንድሜ» ብላ ዘጋችው። ያቺን የመጨረሻ መስመር ስትጽፍ ትህትና ነበር የመሰላት።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደወለላት። በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ «አንቺ» አላት።

«የኔ እህት! አንቺማ ወርቅ ነሽ ወርቅ! እንደ አንቺ ያለ ሰው እጄ ላይ አይቆይም። መቼ መጀመር ትችያለሽ? ዝቅተኛው ደመወዝሽ ስንት ነው?»

ነገረችው። ስለ አባቷ አንዳች ነገር ይላል ብላ ጠበቀች፣ ምንም አላለም። «እኔ ላንቺ ነው የምሠራው፣ አይዞሽ» ብሎ ዘጋው። እሷም አይዞሽ የሚል ሰው በጠፋበት ሰሞን ይህችን ቃል ይዛ ለአባቷ ሰው አገኘሁ ብላ ነገረቻቸው። አባቷ ግራ እጃቸውን አንስተው መረቋት።

ከዚያ በኋላ ሳምንት አለፈ፣ ድምፁ ጠፋ። በአሥረኛው ቀን ከድልድዩ ማዶ ያለው የውሃ ቱቦ ፋብሪካ በር ላይ የጥራት ላቦራቶሪ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ሚዛን ከቤቷ በር ተነስታ ሰዓቷን እያየች ሄደች። ዘጠኝ ደቂቃ! ከድሮው በአንድ ደቂቃ ያንሳል። የዚያኑ ዕለት ለፋብሪካው የቅጥር ኃላፊ በቀጥታ ጻፈች። የድሮውን ደብዳቤ አጠር አድርጋ፣ የስድስት ሰዓቱን ነገር ትታው፣ «ከቤቴ በር እስከ እናንተ በር በእግር ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሌላ ቦታ የመሄድ ሐሳብ የለኝም» የሚል ጨመረችበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። «ማመልከቻዎን ተመልክተናል። በዚህ ጊዜ ልንቀጥል ባለመቻላችን እናዝናለን።» በቃ።

አላመነችም። ማስታወቂያው የሚጠይቀውን ሁሉ ታሟላለች፣ እንዲያውም ይተርፋታል። ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይተኛ ነበር። እሷ ግን ሌላ ሰው የመዘነውን ነገር አትቀበልም ብለናል። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ደህናውን አጠለቀችና ድልድዩን ተሻግራ ፋብሪካው እንግዳ መቀበያ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። «የቅጥር ኃላፊዋን ካላየሁ አልነሳም» አለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቀች።

የቅጥር ኃላፊዋ ራሷ ወረደች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ድካም ያለባት ሴት ናት። በእጇ ሁለት ወረቀት ይዛለች። እንግዳ መቀበያው ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባቻት።

«ልነግርዎት አይገባኝም ነበር» አለች። «ደብዳቤዎን ሳነብ ግን አዘንኩ። ፋይልዎ ወደ እኛ የገባው ሁለት ጊዜ ነው።»

«ሁለት ጊዜ? እኔ አንድ ጊዜ ነው የላክሁት።»

«እርስዎ አንድ ጊዜ ላኩ። ከዚያ በፊት በስድስት ቀን አንድ ኤጀንሲ ልኮልናል። ማስታወቂያ እንኳን አላወጣንም ነበር። ሰው ሊለቅብን እንደሆነ ከየት እንደሰማ አላውቅም።»

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠችላት። ሚዛን የመጀመሪያውን ስታይ የራሷ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ስልክ ቁጥሯ ተፍቋል። አድራሻዋ የለም። በእሱ ፋንታ ላይኛው ጫፍ ላይ የኤጀንሲው ስምና የባለ ሁለት ስልኩ ቁጥር ተጽፏል። ዝቅተኛ ደመወዟ በደማቁ ተቀምጧል። ከሥሩ ደግሞ «በየትኛውም ከተማ ለመሥራት ፈቃደኛ። የቤተሰብ ኃላፊነት የለባትም» ይላል።

የቤተሰብ ኃላፊነት የለባትም!

ሚዛን ያቺን መስመር አነበበቻት። እንደገና አነበበቻት። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ብድግ አድርጋ ያነሳቻቸው አባቷ በአንድ መስመር ተሰርዘዋል። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም፣ የማያውቅም ሰው ቢሆን መጻፍ አልነበረበትም።

«ይኼን... ይኼን እኔ አልጻፍኩም» አለች።

«ገብቶኛል። ግን ችግሩ እሱ ብቻ አይደለም» አለች የቅጥር ኃላፊዋ። «ኤጀንሲ አንድን ሰው መጀመሪያ ካስተዋወቀ፣ ያ ሰው በተቀጠረ ጊዜ የእኔ ሰው ነው ብሎ ክፍያ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝዎ ተሰልቶ ድርሻውን ከእኛ ይፈልጋል። እኛ ከዚህ ኤጀንሲ ጋር ውል የለንም፤ ለዚህ ቦታ የኤጀንሲ በጀትም የለንም። ውል ባይኖርም ግን ክርክር ይነሳል። ሕግ ክፍሉ ደግሞ ክርክር ያለበት ፋይል ሲያይ ሁለቱንም ይዘጋዋል። እርስዎን አይቶ የጣለ ሰው የለም። የተዘጋው ፋይሉ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በእርስዎ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደሌለው በጽሑፍ ያሳውቀኝ። እስከ ዓርብ ከደረሰኝ ፋይሉን አስከፍተዋለሁ።» ተነሳችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ዝም ብለው ወደ ሁሉም ቦታ እንዲልክ ፈቅደውለት ነበር?»

ሚዛን ያቺ የሦስተኛው ገጽ መጨረሻ መስመር ትዝ አለቻት። ፊቷ መለሰላት።

የኤጀንሲው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ሚዛን ደረጃውን ስትወጣ የምትናገረውን እየደረደረች ነበር፤ ከስድቦቹ ውስጥ ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የምትጠቀምባቸው። ስትገባ ባለ ሁለት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በአንዱ ስልክ ሰው እየለመነ ነበር። ከጀርባው ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አርባ የሚሆን ስም በሰማያዊ ተጽፎበታል። የእሷን ስም ፈለገችው። ከታች ወደ ላይ ስድስተኛ ናት። ጎኑ ላይ በቀይ «በር» የሚል ተጽፎበታል።

«የኔ እህት!» አለ ስልኩን እንደዘጋ። «አንቺን እኮ ላገኝሽ ነበር!»

«እህትህ አይደለሁም። በር ማለት ምንድን ነው?»

ሰውዬው ሰሌዳውን ዞሮ አየና አንገቱን አከከ። ውሸት ሊናገር እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበባል። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ።

«ቁጭ በይ» አለ። «በር ማለት... የማላውቀው ድርጅት ጋ ስደውል ዝም ብዬ አልደውልም። ጥሩ ሰው ይዤ ነው የምደውለው። ይቺን ሰው አይታችኋል ወይ እላለሁ። አንቺን ባይወስዱም ነገ ሌላ ሰው ሲፈልጉ እኔን ያስታውሱኛል።»

«በር ማንኳኪያ አደረግኸኝ ማለት ነው?»

«እንደዚያ አትበይው።»

«እንዴት ልበለው ታዲያ? ላንቺ ነው የምሠራው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።» ሁለቱንም ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ በፊታቸው ደፋቸው። ይህን ማድረጉ ራሱ አስደነገጣት። «ስሚ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ለእኔ ትከፍያለሽ? አትከፍይም። የሚከፍለኝ ድርጅቱ ነው። የሚከፍለኝም ስትቀጠሪ ብቻ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላሽ ከለቀቅሽ ደግሞ ወይ ገንዘቡን እመልሳለሁ ወይ በነጻ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አርባ ሰው ይዣለሁ። ጠዋት ስነሳ የማስበው ማን ነው ቶሎ የሚገባልኝ ብዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ነው።»

«አባቴንስ? አባቴን የሰረዝካቸው ሥራህ ስለሆነ ነው?»

«የቱ አባትሽ?»

ሚዛን ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም።

«የጻፍኩልህ! ሁለተኛው ገጽ ላይ! ስድስት ሰዓት ላይ አነሳቸዋለሁ ብዬ፣ ከቤቴ ርቄ መሥራት አልችልም ብዬ...»

ባለ ሁለት ስልኩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ደብዳቤዋን አወጣው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መንቀሳቀሱ ቆመ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የማነበው የመጀመሪያውን አምስት መስመር ነው። ከዚያ ወደ ሲቪው እሄዳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ፈቃድ መኖሩን አያለሁ። ሲቪሽ ላይ ያላገባች ይላል። ላክልኝ ብለሻል፣ ወደመሰለህ ቦታ ሁሉ ብለሻል። ሁለተኛ ገጽ... እውነቱን ልንገርሽ፣ የማንንም አንብቤ አላውቅም።»

ስድቦቹን ሁሉ ደርድራ ነበር የመጣችው። አንዱም አልወጣላትም። ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጣት ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ ይጮሃል። እዚህ ግን ልቧን ገልብጣ የሰጠችው ሰው ልቧን የሚያስቀምጥበት ቦታ እንኳን የሌለው ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግራ ገባት።

«ለአንተ የሚጻፈው ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።

«አምስት መስመር። ምን እንደምትሠሪ። ስንት ዓመት እንደሠራሽ። የት ብቻ እንደምትሠሪና መቼ መጀመር እንደምትችይ። ከስንት በታች እንደማትቀበይ። እስካሁን ወዴት ወዴት እንደላክሽ፤ ይኼ ዋናው ነው፣ ሁለት ጊዜ ከገባሽ እኔም አንቺም ወደቅን። ከዚያ...» አመነታ። «ከዚያ፣ የድርጅቱን ስም ነግረህ ሳታስፈቅደኝ የትም እንዳትልክ በይ። ይኼን የሚጽፍ ሰው አልወድም። ግን ከጻፈ አከብርለታለሁ።»

ሚዛን ሰሌዳውን ትክ ብላ አየችው። ቀኝ ጥግ ላይ ስም የሌላቸው ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ ከላያቸው ላይ «ሳሙና ፋብሪካ፣ ክፍለ ሀገር፣ ላቦራቶሪ 2፣ ፈረቃ ኃላፊ 1፣ አስቸኳይ» ይላል። አስቸኳይ የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«እዚህ ሰው አጥተሃል?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማንም ከከተማ መውጣት አይፈልግም። ደንበኛዬ ሊተወኝ ነው።»

«የውሃ ቱቦው ፋብሪካ ከአንተ ጋር ውል የለውም፤ በጀትም የለውም። እኔን ይዘህ ከቆየህ የምታገኘው ምንድን ነው?»

«...ምንም።»

«ምንም» አለች። «እኔ ደግሞ ከከተማ መውጣት የማይከብዳቸው፣ የእኔው ላቦራቶሪ ልጆች አሉኝ። ልጠይቃቸውና ከፈቀዱ ስልካቸውን ልስጥህ። ከፈቀዱ ነው ያልኩህ። አንተም ስሙን ነግረህ ሳታስፈቅድ የትም አትልካቸውም።»

እዚያው ተቀምጣ ደወለች። ሁለቱ እሺ አሉ፣ ሦስተኛው ሚስቱን አማክሮ እነግርሻለሁ አለ። ባለ ሁለት ስልኩ ቁጥሮቹን ሲጽፍ እጁ ከአፉ ይፈጥን ነበር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ለቅጥር ኃላፊዋ ጻፈ፤ በዚህች አመልካች ላይ ኤጀንሲያችን ምንም ዓይነት ጥያቄ የለውም፣ የላክነው መረጃም ስህተት አለበትና እንዲሰረዝ እንጠይቃለን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሕይወቷን ያሰረው ነገር በሁለት ደቂቃ ሲፈታ ሚዛን ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ።

ቤቷ ገብታ ለቅጥር ኃላፊዋ እንደገና ልትጽፍ ተቀመጠች። ለባለ ሁለት ስልኩ የሚሆነው ደብዳቤ ለኃላፊዋ እንደማይሆን አሁን ገብቷታል። ይህችኛዋ እንደ እሱ ብዙ ድርጅት የላትም፤ አንድ ፋብሪካና አንድ ወንበር ነው ያላት። የወር ደመወዟን ትበላለች፣ ሰው ባስገባች ቁጥር የሚጨመርላት ነገር የለም። የሚያስጠይቃት ያስገባችው ሰው ጥሎ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ደመወዝ አልጻፈችም፣ «የትም እሠራለሁ» አላለችም። ስለ ቱቦ ምን እንደማታውቅና ስለ ሙከራ ምን እንደምታውቅ ጻፈች፤ አንድ ጊዜ ማድረቂያ ምድጃው አራት ዲግሪ እንደሚያዛባ እንዴት እንደደረሰችበት ጻፈች። መጨረሻ ላይ ብዙ አመነታች። ከዚያ ተነስታ አባቷን አየቻቸው፤ ተኝተዋል። ተመልሳ «አባቴን ስድስት ሰዓት ላይ ማንሳት አለብኝ። ዘጠኝ ደቂቃ የምትርቀው ፋብሪካ የእናንተ ብቻ ናት። አንድ ሰዓት ተኩል ምሳ ቢፈቀድልኝ ማታ አካክሳለሁ» ብላ ጨመረች። ባለ ሁለት ስልኩ ጋ ይህ መስመር ሰው የሚያስጥል ነውር ነው። እዚህኛዋስ ጋ? አላወቀችም። ላከችው።

ረቡዕ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የቅጥር ኃላፊዋ አለች፣ የላቦራቶሪ ኃላፊውም አለ። የላቦራቶሪ ኃላፊው ፂሙ የሸበተ፣ ሲያዳምጥ ጠረጴዛውን በእርሳስ የሚመታ ሰው ነው። ስለ ሙከራ የጠየቃትን ሁሉ መለሰችለት፤ የምድጃውን ታሪክ ሲሰማ እርሳሱን አቆመ። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተጨማደደ።

«በየቀኑ ነው?» አለ።

«በየቀኑ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ የግፊት ሙከራ ላይ ያለ ቱቦ ቢኖርስ? ትተሽው ነው የምትሄጂው?»

«ሙከራው ከስድስት ሰዓት በፊት እንዲያልቅ አድርጌ ነው የምጀምረው።»

«አይሆንም» አለ ወደ ቅጥር ኃላፊዋ ዞሮ፣ ሚዛን እዚያው ተቀምጣ እያለች። «ሥራውን ታውቃለች። ግን እንዲህ ያለ ጣጣ አልፈልግም።»

ሚዛን፣ ባለ ሁለት ስልኩ አባቷን ሲሰርዝ እንደዚያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ግን ለአንዲት ክፉ ደቂቃ «ምነው ባልጻፍኳቸው» ብላ አሰበች። እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት። ቦርሳዋን አነሳች።

«ቆይ» አለች የቅጥር ኃላፊዋ።

መነጽሯን አወለቀች። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«እዚህ ወንበር ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው አስቀምጬልሃለሁ። የመጀመሪያው ሰባት ወር ቆየ። ሁለተኛዋ አራት። ሦስተኛው አሁን ሊለቅ ነው። ሦስቱም ጣጣ አልነበረባቸውም። የሦስቱም ምክንያት ርቀት ሰለቸን የሚል ነው። በየጊዜው ማስታወቂያ የማወጣው እኔ ነኝ፣ በየጊዜው አለቃ ፊት ቆሜ ለምን አልቆየም ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ አንተ ደግሞ በየጊዜው ሰው እንደ አዲስ ታስተምራለህ። እስካሁን ሰባ አንድ ደብዳቤ አንብቤአለሁ። ሁሉም እንዲቀጠር ፈልጎ ነው የጻፈው። ለምን እንደሚቆይ የጻፈችልኝ እሷ ብቻ ናት።»

የላቦራቶሪ ኃላፊው እርሳሱን መልሶ አነሳ። መታው፣ መታው። ሚዛንም መልስ ሳይሰጣት ተሸኘች።

ሐሙስ ስልኳ አልጮኸም። ዓርብ ጠዋት የአባቷን ልብስ ታጥባ እያሰጣች ሳለ ጮኸ። የቅጥር ኃላፊዋ ናት።

«ይቀበላሉ?» አለች። «የምሳ ሰዓቱ ውሉ ላይ ተጽፏል። ደመወዙን በተመለከተ... ኤጀንሲው ዝቅተኛውን ነግሮኝ ነበር፣ አይቼዋለሁ። እኔ የምከፍለው ግን በእርከኑ ነው፤ እርከኑ ከእሱ ይበልጣል። በዝቅተኛው ባስገባዎት ስድስት ወር ሳይሞላ ሌላ ቦታ ሄደው እኔ ደግሞ ሰባ ሁለተኛ ደብዳቤ ላነብ ነው?»

ሚዛን እርጥቡን ሸሚዝ በደረቷ ታቅፋ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ እየወረደ፣ «አዎ» ማለቷን እንኳን ራሷ አልሰማችም። ወደ ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አባቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ በግራ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ለካ አንድ ወር ሙሉ፣ ለልጃቸው ሥራ ማጣት ምክንያቱ እኔ ነኝ ብለው ሲቃጠሉ ኖረዋል፤ የሚናገሩበት ቃል ስላልነበራቸው ብቻ ነው ያልተናገሩት። ይህን ሳታውቅ መክረሟ ከሁሉም በላይ አስደነገጣት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ከፊታቸው ላይ አወረደችው፣ አብራቸውም አለቀሰች።

ሰኞ ሥራ ጀመረች። የላቦራቶሪ ኃላፊው ሰላምታ ሰጥቷት ሲያበቃ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ጠረጴዛውን በእርሳስ መምታቱን ቀጠለ። ሙከራዎቿን በጊዜ አስጀመረች፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን አነበበች። ከዚያ ግን ልትነሳ አልደፈረችም። በመጀመሪያው ቀን፣ አይሆንም ያለ ሰው ፊት፣ ጋውን አውልቆ መውጣት ድፍረት መሰላት። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሞላ፣ አንድ ደቂቃ አለፈ። መዝገብ የምታይ መስላ አንገቷን ደፋች።

የእርሳሱ ድምፅ ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ የላቦራቶሪ ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ። «አባትሽ አልጋ ላይ ናቸው እኮ።»